ጉድጓዱ ጉድጓድ ሆኖ እንዲታይ

ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ከጠርዙ ላይ ቆሞ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ጣሪያው ነው። ጣሪያው እግሩ ከቆመበት መሬት ጋር እኩል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠራም፤ ዙሪያው 12 ሜትር ያህል ተቆፍሮ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ነው። ስለዚህ ጣሪያውና ጠርዙ አንድ ዐለት፣ አንድ ከፍታ፣ ከሞላ ጎደልም አንድ ቀለም ናቸው። ከላይ ለሚያይ ሰው የጥልቀቱ ዋና ነጋሪ የጉድጓዱ ጥላ ነው።

የዚህን እይታ ፎቶ ወደ ሥዕላዊ ፖስተር የሚቀይር ሰው ትግሉ ከዚህ ይጀምራል። ሥራው እልፍ አእላፍ የቀለም ልዩነት ያለበትን ፎቶ ወደ ስምንት ወይም ዐሥር ዝርግ ቀለም ማውረድ ነው። በ GIMP ፎቶውን ከፍቶ Posterize የሚለውን መርጦ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚለየው ብርሃንና ጨለማን እንጂ ቅርብና ሩቅን አይደለም። ጣሪያውን ከጠርዙ ጋር አንድ ያደርገውና ሜዳ ላይ የተነጠፈ መስቀል ይሰጠናል። ሰማዩ ውሃ እንደነካው ወረቀት ቀለበት ቀለበት ይሠራል፤ ሩቅ ያሉት የላስታ ተራሮችም ሰማዩ ውስጥ ይሰምጣሉ።

መፍትሔው ቀለም ከመቀነስ በፊት ቦታውን በርቀት መከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች ፖስተር የሠሩት ሠዓሊዎች ይህን ያደርጉ የነበረው ተገደው ነው። ኅትመቱ በሲልክ ስክሪን ስለነበር ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንፊት ማዘጋጀት ነበረባቸው፤ የቱ ቀለም የት እንደሚያርፍ አስቀድመው ሳይወስኑ መጀመር አይቻልም።

በቤተ ጊዮርጊስ እንሞክረው። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። እኔ የምመርጠው የኅዳርን ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት ገደማን ነው። ያኔ ምዕራባዊው ግድግዳ ፀሐይ ሲያገኝ ሰሜናዊው ጥላ ውስጥ ይገባል። የጉድጓዱ አፍም በምዕራባዊው ግድግዳ ላይ ጥላውን ይጥላል፤ ላይኛው ክፍል ይበራል፣ ታችኛው ይጨልማል። ያ የጥላ መስመር ግድግዳው ወደ ታች የሚወርድ መሆኑን ከምንም በላይ ስለሚናገር፣ ሌላው ሁሉ ቢቀነስ እሱ አይቀነስም።

ቀጥሎ ሰማዩን፣ ሩቅ ተራሮችን፣ ጠርዙን ከጣሪያው ጋር፣ ጉድጓዱን ደግሞ ለብቻው በየራሳቸው ሌየር ላይ እለያለሁ። ሰማዩን ከፎቶው አልወስድም፤ ራሴ እሠራዋለሁ። አናቱ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወደ አድማሱ ሲወርድ እየነጣ የሚሄድ ሦስት እርከን ይበቃል። ብዙዎች እዚህ ላይ የሌላ ቀን የጀምበር መጥለቂያ ሰማይ ይለጥፋሉ። ካሜራው ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያየ ሳለ ከተራራው ጀርባ ቀይ ጀምበር ከወጣ፣ ግድግዳው ከምዕራብ፣ ሰማዩ ከምሥራቅ በራ ማለት ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ዓይኑ አይቀበለውም።

ለተራሮቹ የምከተለው ሕግ አንድ ነው፦ የሩቁ ተራራ እጅግ ጥቁር ቀለም ከቅርቡ ዐለት ጥቁር መንጣት አለበት። በመካከል ያለው አየር ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ጥላን ያነጣል፣ ወደ ሰማያዊም ይለውጣል።

ሌላው ጣጣ መስመሩ ነው። ከጠርዝ ሆነን ካሜራውን ወደ ታች ስናዘነብል ቋሚ መስመሮች ሁሉ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። ይህ ስሕተት መስሏቸው ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ቀጥ አድርገው የጉድጓዱን ግድግዳ እንዳለ የሚተዉ አሉ። ያኔ ሕንፃው ከጉድጓዱ ተነቅሎ የተንሳፈፈ ይመስላል። መጥበቡን መተው ይሻላል፤ ወደ ታች እያየን መሆናችንን የሚነግረን እሱ ነው። ለማረጋገጥ የመስቀሉን ማዕዘኖች በማስመሪያ ወደ ታች ማስቀጠል ነው፤ መስመሮቹ ከፎቶው በታች ወደ አንድ አካባቢ መሰብሰብ አለባቸው። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉትን ሦስት መስቀሎች ፕሮግራሙ ስለሚውጣቸው በእጅ እስላቸዋለሁ፤ የቅርቡን ክንድ ወፈር፣ የሩቁን ቀጠን አድርጌ።

አንድ ትንሽ ነገር ብዙ አስቸግሮኛል። ከጉድጓዱ ሥር ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ቆመው ነበር። ነጠላ ነጭ ነው ብዬ ንጹሕ ነጭ ቀባሁት። ወለሉ ወደ ላይ ዘለለ፤ 12 ሜትሩ ሁለት ሜትር መሰለ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ነጠላው ነጭ አልነበረም፤ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነበር፤ ፀሐይ ከሚመታው ቀይ ዐለትም የጠቆረ። ያንኑ ግራጫ ስቀባው እኚያ እናት ወደ ጉድጓዱ ሥር ተመለሱ።

ሲያበቃ ሥራውን በ Desaturate ቀለሙን አጥፍቼ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሰዋለሁ። በዚያ መጠን መስቀሉ ከጠርዙ ተለይቶ፣ ዙሪያው ወርዶ ከታየኝ ወደ ኅትመት ይሄዳል። ካልታየኝ የምመለሰው ወደ ቀለሙ ሳይሆን ወደዚያ የጥላ መስመር ነው።