የሥጋ መፍጫው ሲያደቅ

ለክትፎ የገባው ቀይ ሥጋ ከእጅ መፍጫው እንደ ሊጥ ላቁጦ ከወጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምላጩ አገጣጠም ነው። ባለአራት ክንፉ ምላጭ ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ባለቀዳዳው ሳህን መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ የቱንም ያህል ቢሳል አይቆርጥም።

ጠመዝማዛው ዘንግ ይቀድማል፤ ምላጩ፣ ሳህኑና ማሰሪያው ቀለበት ይከተላሉ። ቀለበቱ ከላላ በምላጩና በሳህኑ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ጅማት በዚያ ገብቶ ምላጩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። እጀታው ሲከብድ ከመታገል ፈትቶ ጅማቱን ማውጣት ይሻላል።

አገጣጠሙ ተስተካክሎም ካደቀቀ ምላጩ ደንዟል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ይነጠፍና የምላጩ ጠፍጣፋ ፊት በእኩል ጫና ይታሽበታል፤ ገጹ በሙሉ አንድ ዓይነት ሲያበራ ይበቃል። ምላጩን የሚነካው የሳህኑ ፊትም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል። ከመገጠማቸው በፊት ብናኙ በሚገባ ይታጠባል።