ከታንኩ ይልቅ አፈሩ ሲሞላ

ባለፈው ሐምሌ፣ ሰሚት አካባቢ፣ ከጎረቤቴ ግቢ ፍሳሽ መጣጭ መኪና ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል የታንኩ ክዳን ገና አልተመለሰም ነበር። ጠጋ ብዬ በባትሪ ወደ ውስጥ አበራሁ። ታንኩ ባዶ ነው። ነገር ግን ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ውሃ ሊያሳልፍ ከተገጠመው ቱቦ ጥቁር ውሃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ወደ ታንኩ ይወርድ ነበር። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ማስመጠጤ ነው፤ ታንኩ ጠቦ ነው አስፋው ይሉኛል» አሉኝ።

ታንኩ አልጠበበም። በግቢው ውስጥ አምስት የቤተሰብ አባላትና በሰርቪስ ቤት ሦስት ተከራዮች፣ በድምሩ ስምንት ሰዎች ይኖራሉ። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም የቀኑ ፍሳሽ 640 ሊትር ነው። ደለሉ ከታች እንዲዘቅጥ፣ ቅባቱ ከላይ እንዲንሳፈፍ ይህ ውሃ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይታወክ መቆየት አለበት። ደለሉ ደግሞ በሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ይጠራቀማል፤ በየሦስት ዓመቱ ለማስመጠጥ ከታሰበ 960 ሊትር ቦታ ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ 1,600 ሊትር ይሆናሉ። ይህ ግን ውሃ በእኩል መጠን ለሚፈስበት ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሳምንቱ ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን ይታጠባል፤ ያን ቀን ፍሳሹ እጥፍ ቢሆን 2,240 ሊትር ያስፈልጋል። የጎረቤቴ ታንክ ውስጡ 2.1 ሜትር ይረዝማል፣ 1 ሜትር ይሰፋል፣ የውሃው ጥልቀት 1.5 ሜትር ነው፤ 3,150 ሊትር ይይዛል። በሁለት ክፍል ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው ክፍል የሁለተኛው እጥፍ ነው። ደህና አድርገው ነው የሠሩት።

ችግሩ የማስረጊያው ጉድጓድ ነው፤ እሱም በግምት የተቆፈረ ነው። ማስረጊያ ውሃ የሚያስተላልፈው በዋነኝነት በጎኑ ነው፤ ወለሉ በደለል ስለሚደፈን ከሒሳብ አይገባም። ቀይና ልል አፈር ላይ አንድ ካሬ ሜትር ጎን በቀን 25 ሊትር ያህል ይጠጣል እንበል። 640 ሊትሩ 26 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ዲያሜትሩ 1.5 ሜትር በሆነ ጉድጓድ ይህ 5.4 ሜትር ጥልቀት ነው፤ አለዚያም ለሁለት ጉድጓድ ይከፈላል። ጥቁሩ መረሬ ግን ከ10 ሊትር በላይ አይጠጣም፤ ክረምት ላይ ከዚያም ያንሳል። 64 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ በዚያው ስፋት ከ13 ሜትር በላይ መቆፈር ማለት ነው። የጎረቤቴ ግቢ አፈር መረሬ ነው፤ ጉድጓዳቸው ግን 4 ሜትር ነው።

ሲቆፈር ማንም ያልጠረጠረው ወሩ የካቲት ስለነበር ይመስለኛል። በበጋ መረሬ ተሰነጣጥቆ ይከርማል፤ ባልዲ ውሃ ሲደፋበት ስንጥቁ ጥም እንዳለበት ሰው ይውጠዋል፤ ቆፋሪውም «አፈሩ ይጠጣል» ይላል። ዝናቡ ሲገባ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። ስለዚህ ማስረጊያው ሊቆፈር በታሰበበት ጥልቀት ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ለጥቂት ቀናት ውሃ እየሞሉ አፈሩን ማራስ ያስፈልጋል። የመጠጣቱ መጠን የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ያታልላል።

የጎረቤቴ ቤት ምልክቱን ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የሻወሩ ውሃ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይቆም ጀመር፤ ሻወር ከሁሉም ዝቅ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅበት ጉር ጉር ይል ነበር። በጥር ማስረጊያው ዙሪያ ያለው ሣር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የማስመጠጫው ጊዜ እያጠረ መጣ።

ጥርጣሬ ያለው ሰው ክዳኑን ከፍቶ ውሃው ከመውጫው ቱቦ አንጻር የት እንዳለ ይይ። ከቱቦው ታችኛ ከንፈር ጋር እኩል ከሆነ ጤና ነው። ከቱቦው በላይ ከቆመ ማስረጊያው ሞልቷል ወይም ቱቦው ተደፍኗል። ከታች ከሆነ፣ በቅርቡ ካልተመጠጠ በስተቀር፣ ታንኩ እየሾለከ ነው። ደለሉን ለመለካት ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም እንጨት እስከ ወለሉ ይሰደዳል፤ ሲወጣ ጥቁሩ እድፍ የውሃውን ጥልቀት ሲሶ ከደረሰ መኪና መጥራት ነው። በክብሪት ማየት፣ ጭንቅላት ማስገባት ወይም መውረድ ፈጽሞ አይቻልም፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ባዶ በሚመስል ታንክ ውስጥም ይገድላል።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሌላ ማስረጊያ የሚቆፈርበት ቦታ የለም። ጎረቤቴ ታንኩን ማስፋቱን ትተው መውጫውን ዘጉትና ታንኩን ማጠራቀሚያ አደረጉት። የስምንቱ ሰው ውሃ ሁሉ ቢገባበት ግን በአምስት ቀን ይሞላል። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያውንና የሻወሩን ውሃ ለይተው ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ መለሱት፤ ሽንት ቤት የሚለቀቀውም በእሱ ነው። መኪናው ይመጣል፤ ወጪው ከበፊቱ ከፍ ቢልም ቀኑን አስቀድመው ያውቁታል።