ከላይ ሞቆ ከታች ሲበርድ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ እሰማ ነበርና፣ ስኖው ባለመጣሉ ተመስገን ብዬ ወደ ሥራ ልሄድ በሩን ከፈትኩ። ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ስረግጥ እግሬ ከዳኝ። የተረፍኩት የደረጃውን ብረት ይዤ ነው፤ ብረቱም ራሱ ብርጭቆ የለበሰ ይመስል ነበር። ታክሲ የሚነዱት ጎረቤቴ የመኪናቸውን በር ሲታገሉ አገኘኋቸው። ዙሪያውን በበረዶ ታሽጓል። «ልጄ፣ ስኖው ቢሆን ቀስ እያልኩ እነዳ ነበር» አሉኝ። «ይሄ ግን ዝናብ መስሎ መጥቶ ነው ሰው የሚጥለው።» ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት ተመለሱ።

ስልኬ 31 ዲግሪ ፋራናይት ይላል፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያው ሰፈር በዚሁ ቅዝቃዜ ስኖው ሲጥል አይቻለሁ፤ ሩዝ የሚያካክል በረዶ ሲንጣጣም ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ያለው ቅዝቃዜ አንድ ከሆነ የሚወርደው ነገር ለምን ተለያየ? መልሱ ከራሳችን በላይ፣ በዓይን በማይታየው የአየር ድርብርብ ውስጥ ነው።

አማርኛችን ከሰማይ ረግቶ ለሚወርደው ሁሉ «በረዶ» ይላልና አስቀድመን እንለያቸው። ስኖው ለስላሳውና እንደ ጥጥ የሚበተነው ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሊት የሚባለው ጠጣር የበረዶ ፍሬ ነው፤ እንግሊዝ አገር ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት ከስኖው ጋር የተደባለቀ ዝናብን ነው። ፍሪዚንግ ሬይን ደግሞ እስከ መጨረሻው ውኃ ሆኖ ወርዶ፣ ያረፈበት ላይ የሚረጋ ዝናብ ነው። በክረምት አዲስ አበባ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ ከሦስቱም አይመደብም። እሱ በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ወደ ላይ በሚገፋ ኃይለኛ ነፋስ እየተንሳፈፈ፣ ውኃ እየደረበ የሚያድግ ነው።

ሦስቱም ጉዟቸውን የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ በቀዝቃዛው ደመና ውስጥ፣ የበረዶ ቅንጣት ሆነው። ቅንጣቷ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትወርድ ከላይ እስከ መሬት ለመድረስ ብዙ ደቂቃ ይፈጅባታል። በመንገዷ የምታልፍበት አየር ሁሉ ከዜሮ በታች ከሆነ ሳትለወጥ ታርፋለች። ያ ስኖው ነው።

ችግሩ የሚመጣው በመሐል ሞቃት አየር ሲገባ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን፤ በዋሽንግተን አካባቢ ክረምት ግን ይህ የሚገለበጥበት ቀን አለ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከባድና ቀዝቃዛ አየር ሲከማች፣ በአፓላቺያን ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ተከትሎ ወደ ደቡብ ይፈስሳል። ተራሮቹ ወደ ምዕራብ እንዳይበተን ይገድቡታል፤ ስለዚህ ቆላ ውስጥ እንደ ተጠራቀመ ውኃ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብና ሞቃት አየር ደግሞ ቀላል ስለሆነ ይህን ቀዝቃዛ አየር ገፍቶ ማስወጣት ያቅተውና በላዩ ላይ ይጋልባል።

እንግዲህ አንድ ሌሊት እንከተል። መሬት ላይ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ማታ ላይ በ1,500 ሜትር ከፍታ ያለው አየርም ከዜሮ በታች ነው፤ ስኖው ይጥላል። እኩለ ሌሊት ሲደርስ ሞቃቱ አየር እዚያ ከፍታ ላይ ገብቶ 2 ዲግሪ ይሆናል። ቅንጣቷ እዚህ ስትደርስ መቅለጥ ትጀምራለች፤ ነገር ግን ሙቀቱ ትንሽ ነውና ቀልጣ ሳትጨርስ ታልፋለች። በውኃው ጠብታ ልብ ውስጥ ስባሪ በረዶ ይቀራል። ከታች ያለው ቀዝቃዛ አየር ዘንድ ስትገባ ውኃው ያንን ስባሪ ይዞ መልሶ ይረጋል። ያ ስሊት ነው።

ሊነጋጋ ሲል ሞቃቱ አየር 4 ዲግሪ ደረሰ። አሁን ቅንጣቷ ሙሉ በሙሉ ትቀልጣለች፤ ስባሪዋም ጠፋች። ጠብታው ከዜሮ በታች ወደሆነው አየር ቢገባም አይረጋም። ብዙዎቻችን ውኃ ዜሮ ዲግሪ ላይ የግድ በረዶ የሚሆን ይመስለናል፤ ትንሽ ጠብታ ግን መነሻ የሚሆነው የበረዶ ስባሪ ወይም ተስማሚ ብናኝ ካላገኘ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ወርዶም ውኃ ሆኖ ይቆያል። ያጣውን መነሻ የሚያገኘው የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የመብራት ሽቦ ወይም የቤት ደረጃ ሲነካ ነው። ያኔ ተዘርግቶ ይረጋል፤ በላዩ ሌላው ይደረባል። መሬት ላይ ያለው ሙቀት ሌሊቱን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከላይ ያለው ሁለት ዲግሪ ነው።

ባለሙያዎች በግርድፉ የሚይዙት መለኪያም ይኸው ነው፦ መሐሉ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ከሆነ ስሊት፣ ከ3 በላይ ከሆነ ፍሪዚንግ ሬይን ይጠበቃል። የታችኛው ቀዝቃዛ አየር በጣም ወፍራምና እጅግ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ የቀለጠው ጠብታም በአየር ላይ ሊረጋ ይችላል።

ትንበያው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዳላስ አየር ማረፊያ አጠገብ ካለው ከስተርሊንግ ጣቢያ በመደበኛው በቀን ሁለት ጊዜ ፊኛ ይለቀቃል፤ የተንጠለጠለበት መሣሪያም እየወጣ በየከፍታው ያለውን ሙቀት ይልካል። በሁለቱ ፊኛዎች መካከል ባለው አሥራ ሁለት ሰዓት ግን ሞቃቱ አየር ገብቶ ሁሉን ሊለውጥ ይችላል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት አንዱን ሰፈር ስሊት ሌላውን ፍሪዚንግ ሬይን ያደርገዋል።

ፍሪዚንግ ሬይን ራሱን የሚያቆምበት መንገድም አለው። ውኃ ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፤ አንድ ግራም ውኃ 80 ካሎሪ ያህል። ይህ ሙቀት መሬቱንና በአጠገቡ ያለውን አየር ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ያደርሳል፤ አዲስ ቀዝቃዛ አየር ካልፈሰሰ በረዶው መደረቡን ያቆማል። ከጥር 5 እስከ 10 ቀን 1998 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሞንትሪያልና አካባቢዋ ላይ የደረሰው ግን ተቃራኒው ነበር። የቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ ሸለቆ ቀዝቃዛውን አየር እየመገበ ስለቆየ በረዶው ለቀናት ተደራርቦ ግዙፍ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን አጣጥፎ ጣለ፤ ሚሊዮኖችም በክረምት መሐል ያለ መብራት ቀሩ።

እቤት ያለ ሰው ፊኛ የለውም፤ ጆሮ ግን አለው። ስኖው ሲጥል ጸጥ ይላል። ስሊት መስኮትና የመኪና ጣሪያ ላይ ይንጣጣል፤ መሬት ሲነካም ይነጥራል። ፍሪዚንግ ሬይን እንደ ተራ ዝናብ ይሰማል፤ አይነጥርም፤ የደረጃውን ብረት ወይም የመኪናውን መስታወት በእጅ ሲዳስሱት ነው የሚታወቀው። ድልድዮች ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኛቸው ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ቀድመው ይለብሳሉ።

ስለዚህ በሌሊት ሲንጣጣ የነበረው ድምፅ ድንገት ለስልሶ የዝናብ ድምፅ ከሆነ፣ ስልኩም አሁንም ከ32 ፋራናይት በታች ካለ፣ ቀለለ ብለው አይውጡ። ከራስዎ በላይ ያለው አየር ሞቆ፣ በጠብታዋ ልብ ውስጥ የነበረችው የመጨረሻዋ ስባሪ በረዶ ቀልጣለች ማለት ነው።