ጽጌረዳ ለላከ ሰው አውራ ጣት

የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የጠዋቱን ሥዕል ያውቀዋል። ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ፣ አጠገቡ የሚጨስ የቡና ስኒ፣ ከላይ በትልልቅ ፊደል «እንደምን አደራችሁ»፣ ከታች አጭር ምርቃት። አብዛኛውን ጊዜ የሚልኩት እናቶች፣ አክስቶችና አጎቶች ናቸው። ወጣቶቹ አይተው ያልፉታል፤ የሚመልሱ ከሆነም አውራ ጣት ወይም ልብ ተጭነውበት ይሄዳሉ። ላኪዋ ይከፋታል፤ ተቀባዩ ግን ያጠፋው ነገር አይታየውም። ሁለቱም ባለጌ አይደሉም። የማይስማሙት ሰላምታ መቼ ተሟላ በሚለው ላይ ነው።

የጠዋቱ ሥዕል የእኛ ብቻ አይደለም። በታይዋን «የታላላቆች ሥዕል» የሚል ስም ወጥቶለታል። በሕንድ ደግሞ የሰዎች ስልክ በየቀኑ እየሞላ ማስቸገሩን የመረመሩ የጉግል ባለሙያዎች፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በየማለዳው የሚላላከው የአበባና የፀሐይ መውጫ ሥዕል መሆኑን ደርሰውበታል፤ ወሬው በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም ጋዜጦች ተጽፏል። በእኛ አገር ግን ነገሩ ከስልክ በፊት የነበረ ሥር አለው። በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባና መላእክት በቀለም ሥለው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ባለቤቱም ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሳንቲም ይሰጣል። በዚህ ወግ ያደገ ሰው ሥዕል ሲልክ እጁን ሳይዝ የሰው ደጅ እንዳልመጣ ይሰማዋል። ሥዕሉን ማን እንደሣለው ግድ አይሰጠውም፤ ዋናው ማምጣቱ ነው።

ወጣቱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ዋትስአፕ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌላ ሰው ተቀብለን ባስተላለፍነው መልእክት ላይ ይህንኑ የሚናገር ምልክት ያደርግበታል። ወጣቱ ምልክቱን ሲያይ «ይህ ለእኔ የተላከ አይደለም፣ ለሁሉም የተበተነ ነው» ይላል። ለእሱ የሰላምታ ክብደት ያለው ለእኔ ብሎ በተጻፈ ቃል ላይ ነው፣ ቃሉ አጭርና የተሳሳተ ፊደል ያለበት ቢሆን እንኳ።

እስቲ አንድ ጠዋት እንከተል። ደሴ ያሉ አክስት በክረምት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጽጌረዳቸውን ይልካሉ። ዋሽንግተን ያለው የወንድማቸው ልጅ ጋ በዚያች ቅጽበት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ገብቶ ሊተኛ ነው። «እንደምን አደራችሁ» የሚለውን ሥዕል ጣቱን አሳርፎበት ትንሽ ቀይ ልብ ያስቀምጣል። እንደ እሱ ሒሳብ መልሷል፣ ያውም በፍቅር። አክስቱ ግን መልስ የሚጠብቁት እንደ ሁልጊዜው ከሥዕሉ በታች፣ በአዲስ መስመር ነው። ልቧ የተቀመጠችው ሥዕሉ ጥግ ላይ ስለሆነች፣ ፊደል አተልቀው ለሚያነቡ ዓይኖች የሥዕሉ ጌጥ ትመስላለች። ይህ በመልእክት ላይ የሚለጠፍ ምላሽ ቴሌግራም ላይ የመጣው በ2021፣ ዋትስአፕ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ስልክ የለመደ ሰው ሳያስተውለው ቢቀር አያስገርምም። እሑድ ሲደዋወሉ አክስት «ምነው፣ ሰላም እንኳ ነሳኸኝ» ይላሉ፤ እሱም «እትዬ፣ በየቀኑ እመልስልዎታለሁ እኮ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ልቧን ቢያዩዋት እንኳ ነገሩ አያበቃም። የእኛ ሰላምታ ቅብብሎሽ ነው፤ ደኅንነቴን ተናግሬ፣ ፈጣሪን አመስግኜ፣ የአንተን፣ የልጆችህን፣ የቤትህን እጠይቃለሁ። አውራ ጣት ይህን ሁሉ ይዘጋዋል። ደግሞም እንደ አማርኛ ግሥ «እርስዎ» ማለት አይችልም፤ ለእኩያም ለአያትም አንድ ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው ወጣቱም አውራ ጣቱን የሚወድደው ከራሱ ሲወጣ ብቻ መሆኑ ነው። ለረጅም መልእክቱ አባቱ አውራ ጣት ብቻ ቢልኩለት «ተቆጥተውኛል» ብሎ ይሰጋል፤ አባት ግን «ጥሩ ነው፣ ተስማምቻለሁ» ማለታቸው ነበር። ትልቁ ሰው ሥዕሉን ያነባል፤ ወጣቱ ደግሞ በሥዕሉ ፈንታ ሊላክ ይችል የነበረውን ያነባል። በቻይናም ይህንኑ የመሰለ ነገር በዊቻት ላይ ተከስቷል፤ ቀለል ያለውን የፈገግታ ፊት ወላጆች በቅንነት ሲልኩት፣ ልጆቻቸው ንቀት አድርገው ያዩታል።

ስቲከር ላይ ሚናው ይገለበጣል፤ እዚህ ሥዕል ላኪው ወጣቱ ነው። ቴሌግራም ማንኛውም ሰው ከፎቶ ስቲከር እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፣ የፊልምና የቀልድ ተዋንያን ፊት ከአንዲት የአማርኛ ሐረግ ጋር ተቆርጦ በየግሩፑ ይዞራል። ወጣቱ ለሰላምታ አንዱን ሲልክ ቀልዱን አብረን እናውቀዋለን ማለቱ ነው። ፊልሙን ያላዩ አያት ግን የማያውቁት ሰው አፉን ከፍቶ ሲያፈጥባቸው ነው የሚያዩት። የራሳቸው ፎቶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ የተነሡት ስቲከር ሆኖ ሲመጣ ለልጅ ልጅ ፍቅር ነው፤ ለእሳቸው ግን ለፎቶ ለብሶና ቆሞ መነሣት ወግ ነበርና መሳቂያ የሆኑ ይመስላቸዋል። ሠርቶ ከመበተን በፊት ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

አንዳንዱ ልዩነት ቀላል ነው። የሚስመው ፊት ለአክስት ጉንጭ ስሞ ሰላም እንደ ማለት ነው፤ ለወጣት ሴት ከሩቅ ዘመድ ሲመጣ ግን ምን ፈልጎ ነው ያሰኛል። የተጋጠሙት ሁለት እጆች ለእናቶቻችን «ተመስገን» ናቸው፤ ለወጣቱ «በናትህ» ወይም «አመሰግናለሁ»። እጁን ዘርግቶ ዱዓ ለሚያደርግ ሙስሊም የሚመቸው የተዘረጉት መዳፎች ምልክት የጸደቀው ከተጋጠሙት እጆች ሰባት ዓመት ዘግይቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

ከሁሉም አሳሳቢው የሚያለቅሰው ፊት ነው። እንባው እንደ ወንዝ የሚወርድበት ይህ ምልክት በወጣቶች ዘንድ በአብዛኛው ሳቅ ነው፤ አንዳንዴም «ናፍቃችሁኛል» ወይም «ልቤን ነካኝ» ማለት ነው። የራስ ቅሉም እንዲሁ «በሳቅ ሞትኩ» ነው። አሁን ይህን መርዶ ወዳለበት አገር አምጡት። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ ልጁ ስደት ያለበት ወላጅ ከተለመደው ውጪ የሆነ ነገር ሁሉ ያስደነግጠዋል። ቤይሩት ያለች ልጅ ለእናቷ የጠዋት ሥዕል ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶች ብቻ መልሳ ሥራ ብትገባ፣ አሠሪዎቿ ስልክ ስለማያስይዟት እስከ ማታ አትገኝም። እናት ያን ቀን እህል አይቀምሱም፤ ጎረቤት ይጠራሉ፤ ሌላው ልጅ ከሥራው ይጠራል። ልጅቷ ግን ያለችው «እማ፣ ናፈቅሽኝ» ነበር።

ቤተሰብ ተሰብስቦ የምልክት ትርጉም ሕግ ማውጣት የሚችል አይመስለኝም፤ ምልክቶቹም በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። ነገር ግን ይህን አንዱን ማስቀረት ይቻላል። ርቃችሁ የምትኖሩ ልጆች፣ እባካችሁ ለወላጆቻችሁ የሚያለቅስ ፊት ያለ ቃል አትላኩ፤ መላክ ካማራችሁ አስቀድማችሁ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ጻፉ፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በድምፅ ላኩ።