ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ፦ የመድኃኒት መጋዘን ስሌት

ከሎስ አንጀለስ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ መድኃኒት አይጠፋም። ዌስት አዳምስ የሚኖረው ለእናቱ የደም ግፊት ክኒን ይይዛል። ፌርፋክስ አካባቢ የሚገናኙ የአንድ አገር ልጆች ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው ለተወለዱበት ወረዳ ጤና ጣቢያ በካርቶን ያዘጋጃሉ። ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት አንድ ሰው ቀኑን ያያል፤ ካላለፈበት ይታሸጋል። እዚያ ካርቶኑን የሚረከበው የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ግን ሌላ ጥያቄ አለው፦ ይህ ሁሉ ቀኑ ሳይደርስ ተወስዶ ያልቃል ወይ?

ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ስንት መድኃኒት ለበሽተኛ እንደሚደርስ፣ ስንቱ ደግሞ እንደሚቃጠል ይወስናል።

የመጋዘኑ ሕግ በአጭሩ "ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ" የሚል ነው፤ ባለሙያዎች "ፌፎ" ይሉታል። "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ" ከሚለው የተለመደ አሠራር የሚለየው ዛሬ የገባው ዕቃ ትናንት ከገባው ቀድሞ ሊያልፍበት ስለሚችል ነው። አቅራቢው ቀኑ የቀረበውን ሊልክ ይችላል፤ ሌላ ጤና ጣቢያ የተረፈውን ሊያካፍል ይችላል፤ እርዳታም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ተራ የሚያዘው በገባበት ቀን ሳይሆን በሚያልፍበት ቀን ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በየወሩ 100 ፓኬት አምሎዲፒን የሚያወጣ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። አንዱ ፓኬት 30 ክኒን ይይዛል፤ ቀን በቀን አንድ ክኒን ለሚወስድ የደም ግፊት በሽተኛ የአንድ ወር ነው። ጊዜው የ2026 ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ባች አለ። ባች "ሀ" ቀድሞ ገብቷል፤ 250 ፓኬት ነው፤ የሚያልፍበት በዲሴምበር 2026 መጨረሻ ነው። ባች "ለ" ዘግይቶ ገብቷል፤ 150 ፓኬት ነው፤ የሚያልፍበት ግን በማርች 2026 መጨረሻ ነው።

ኃላፊው በገቡበት ተራ ቢያወጣ "ሀ" እስከ ማርች አጋማሽ ይቆያል። ከዚያ "ለ" ሲጀመር የቀረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው፤ 50 ፓኬት ይወጣል፣ 100 ፓኬት ይበላሻል። በሚያልፍበት ቀን ተራ ቢያወጣ ደግሞ "ለ" በፌብሩዋሪ አጋማሽ ያልቃል፤ "ሀ" እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይወጣል። የሚጣል አይኖርም። መድኃኒቱም በሽተኛውም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ተራው በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይጠበቅም፤ አደራደሩ ሊያስገድደው ይገባል። ቀኑ የቀረበው ካርቶን ከፊት ይቀመጣል፣ የራቀው ከኋላ። የሚያልፍበት ወርና ዓመት በወፍራም ማርከር በካርቶኑ ፊት ላይ ይጻፋል፤ የፋብሪካው ጽሕፈት ደቃቅ ስለሆነ ከርቀት አይነበብም። አዲስ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ በሆነ ቁጥር መደርደሪያው እንደገና ይስተካከላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ቸኩሎ አዲሱን ካርቶን ባዶ ባገኘው ቦታ፣ ከፊት ያኖረዋል። ከዚያ በሞዴል 22 ወጪ የሚሆነው እጅ ቀድሞ የሚያገኘው ነው።

አሠራሩ መበላሸቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከመደርደሪያው ፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ካርቶን አውርዶ ቀናቸውን ማነጻጸር ነው። የፊተኛው ከኋለኛው ዘግይቶ የሚያልፍበት ከሆነ ተራው ተዛብቷል። ሁለተኛው ምልክት ቢን ካርዱ ላይ ይታያል። "ቀሪ 400" ብቻ ተጽፎ ከየትኛው ባች ስንት እንደቀረ ካልተለየ፣ ኃላፊው ስንቱ በማርች ስንቱ በዲሴምበር እንደሚያልፍበት ማወቅ አይችልም። እንዲህ ያለ ካርድ ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ አደጋውን ይደብቃል።

ቀኑን ማንበብም የራሱ ጣጣ አለው። ወርና ዓመት ብቻ የተጻፈ ከሆነ መድኃኒቱ እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ያገለግላል። 06/2026 ማለት እስከ ጁን 30 ድረስ ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2018 ይሆናል። ዓመቱን ብቻ ወደ 2018 ቀይሮ 06ን እንዳለ የሚተው ሰው ግን የካቲትን ይጽፋል፤ ገና አራት ወር የቀረውን መድኃኒት ያለፈበት ያስመስለዋል። ስለዚህ የሚያልፍበት ቀን ካርቶኑ፣ ብልቃጡ ወይም ፓኬቱ ላይ እንደታተመው በፈረንጆቹ ቀን ቢን ካርዱ ላይ ቢሰፍር ይሻላል።

አሁን የፌርፋክሱ ካርቶን ይግባ። ባች "ሐ" እንበለው፤ 600 ፓኬት ነው፤ የሚያልፍበት በጁን 2026 መጨረሻ ነው። አላለፈበትም፤ ስድስት ወር ሙሉ አለው። ኃላፊው ደንቡን አንድም ሳያጎድል ቢተገብር "ለ"ን በፌብሩዋሪ አጋማሽ ይጨርስና "ሐ"ን ይጀምራል። ከዚያ እስከ ጁን መጨረሻ አራት ወር ተኩል ነው፤ 450 ፓኬት ይወጣል፤ 150 ፓኬት ይቀራል።

ፌፎ የትኛው ይቅደም ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ ይበቃል ወይ ለሚለው ግን አይመልስም። ለዚህ አንድ ተጨማሪ ስሌት ያስፈልጋል፤ ማባዛት፣ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ባች እስከሚያልፍበት ቀን የቀሩትን ወራት በወርሃዊ ወጪ ያባዙ። ከዚያ የዚያን ባች መጠን ከእሱ ቀድመው ከሚያልፍባቸው ባቾች ጋር ይደምሩ። ድምሩ ከበለጠ ልዩነቱ የሚጣለው ነው። ለ"ሐ" 6 ወር በ100 ሲባዛ 600 ነው፤ "ለ" እና "ሐ" ሲደመሩ 750። ትርፉ 150 መሆኑ ጃንዋሪ ላይ ይታወቃል።

ይህም ቢሆን ለበሽተኛው ሲታሰብ ያንሳል። በጁን 25 አንድ ፓኬት የወሰደች እናት ከክኒኖቹ አብዛኛውን የምትውጠው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ መውጫው የመጨረሻ ቀን የሚወሰነው ከሚያልፍበት ቀን ላይ የሕክምናው ጊዜ ተቀንሶ ነው። የአንድ ወር መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ "ሐ"ን መስጠት የሚቻለው እስከ ሜይ መጨረሻ ነው፤ 5 ወር በ100 ሲባዛ 500፣ ትርፉም 250 ይሆናል። እዚህ አሜሪካ እንደተለመደው የሦስት ወር በአንዴ ቢሰጥ የመጨረሻው ቀን እስከ ማርች መጨረሻ ይወርዳል። ለሦስት ወር አገር ቤት የሚሄድ በሽተኛም ፋርማሲው መስኮት ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ይኸው ነው፤ የሰጣችሁኝ የመጨረሻው ክኒን ሲዋጥ ቀኑ አላለፈም?

የ250ው ፓኬት መፍትሔ በጊዜው መካፈል ነው። በወር 50 ፓኬት የሚያወጣና ክምችቱ ያለቀበት ጎረቤት ጤና ጣቢያ ጃንዋሪ ላይ ቢረከበው እስከ ሜይ መጨረሻ ሁሉንም ያወጣዋል። ኤፕሪል እስኪገባ ከተጠበቀ ግን ሁለት ወር ብቻ ስለሚቀር ሊያወጣ የሚችለው 100 ነው። ማካፈል ቀኑ ሲቀርብ የሚታሰብ ከሆነ ዘግይቷል፤ ስሌቱ ትርፍ ባሳየበት ቀን መጀመር አለበት።

በኢትዮጵያ የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ሪፖርት አድርገው የሚጠይቁት ክምችታቸው ከአራት ወር ወጪ እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ወርም እንዳያንስ ሆኖ ነው። ጣሪያው ከብክነት ይከላከላል፤ የአራት ወር ክምችት ቢያንስ ስድስት ወር ከቀረው በተራው ወጥቶ ያልቃል። በምሳሌያችን "ሀ" እና "ለ" ሲደመሩ 400፣ ልክ አራት ወር ነበሩ። ካርቶኑ ሲጨመር ክምችቱ ወደ አሥር ወር ዘለለ። ችግሩ ከልግስናው አልመጣም፤ መጠኑና ቀኑ ከወጪው ጋር ሳይገናዘቡ በመላካቸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ባወጣው የመድኃኒት እርዳታ መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው እንዲሆን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። መመሪያው ከጠቀሳቸው ጉዳዮች አንዱ የቅርባችን ነው። በኤርትራ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ያለፈበት አስፕሪን ተልኮ ነበር፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጅቷል። የእኛን ስሌት በአንድ ዓመቱ ብንሞክረው "ሐ" እስከ ዲሴምበር ቢያገለግል ኖሮ መስጫው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይሆናል፤ 11 ወር በ100 ሲባዛ 1,100። ሦስቱ ባቾች ሲደመሩ 1,000 ናቸው፤ ሁሉም ለበሽተኛ ይደርሳሉ። ካርቶኑ 900 ፓኬት ቢሆን ግን አንድ ዓመቱም አያድነውም፤ ድምሩ 1,300 ደርሶ 200 ይተርፋል።

ተራው የሚሻርበት ጊዜም አለ። የክትባት ብልቃጥ ላይ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ ምልክት ይለጠፋል፤ ከውጭ ክብ፣ በመሃሉ አራት ማዕዘን አለው። ብልቃጡ ሙቀት ሲያገኘው መሃሉ እየጠቆረ ይሄዳል። የመሃሉ ቀለም ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከበለጠ ክትባቱ አይሰጥም፤ ወደዚያ እየተጠጋ ያለው ደግሞ የታተመው ቀን ቢርቅም ቀድሞ ይወጣል። የታተመው ቀን የሚጸናው መድኃኒቱ በታዘዘለት ሙቀት ከተቀመጠ ብቻ ስለሆነ ነው።

ፋርማሲ ከትልቅ ብልቃጥ ቆጥሮ በቢጫ ጠርሙስ የሰጠን ክኒን ደግሞ ጭራሽ ወደ ተራው አይገባም። ለበሽተኛ ወጥቶ የተመለሰ መድኃኒትን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይከለክላል፤ ጠርሙሱ ላይ የፋብሪካው የባች ቁጥር ስለማይኖር እና በቤት ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ስለማይታወቅ መጋዘኑ ሊያምነው አይችልም።

ስለዚህ ካርቶን ከመገዛቱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው መደወል ይገባል። ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ በወር ስንት ታወጣላችሁ? አሁን ስንት አላችሁ፣ የእያንዳንዱስ ባች ቀን መቼ ነው? ለአንድ በሽተኛ በአንዴ የስንት ቀን ትሰጣላችሁ? በምሳሌያችን ጃንዋሪ ላይ ይህ ቢጠየቅ ኖሮ በጁን የሚያልፍበትን መድኃኒት መላክ የሚገባው 600 ሳይሆን 350 ፓኬት እንደነበር ይታወቅ ነበር፤ በቀሪው 250 ፓኬት ገንዘብ ጤና ጣቢያው የሌለውን ሌላ መድኃኒት መግዛት ይቻላል።