ሩሲያኛው ለምን ተመሰቃቀለ?

በኢንተርኔት ለዓመታት ሲዘዋወር የኖረ አንድ የፖስታ ፎቶ አለ። ፖስታው የተላከው ወደ ሞስኮ ሲሆን አድራሻው በእጅ ተጽፎበታል፤ ጽሑፉ ግን ሩሲያኛም ሌላ ቋንቋም አይደለም። «ሩሲያ» መባል በነበረበት ቦታ òÏÓÓÉÑ፣ «ሞስኮ» መባል በነበረበት ደግሞ íÏÓË×Á ይላል። ላኪው አድራሻውን የኮምፒውተሩ ስክሪን እንዳሳየው ምልክት በምልክት ገልብጦታል፤ ለጥንቃቄው ምስጋና ይገባዋል፣ ምክንያቱም ከሺህ ማብራሪያ ይልቅ የጠቀመው ይኸው ነው። የሩሲያ ፖስታ ቤት ሠራተኞች ጽሑፉን ፈትተው ትክክለኞቹን ፊደላት እዚያው ፖስታው ላይ አሰፈሩበት።

ሊፈቱት የቻሉት ብልሽቱ ሥርዓት ስለነበረው ነው። የደረሰው የተዘበራረቀ ቢመስልም አንዱ ምልክት ሁልጊዜ የሚተካው አንዱን ፊደል ብቻ ነው። በሩሲያኛው «ሩሲያ» (Россия) ውስጥ с ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል፤ በተበላሸው ውስጥም Ó ሁለት ጊዜ ይመጣል። በሁለቱ ስሞች ሁለተኛው ፊደል о ነው፤ በሁለቱም Ï ሆኗል።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። በቀድሞው አሠራር ለአንድ ፊደል አንድ ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። እስከ 127 ባሉት ላይ ዓለም ከሞላ ጎደል ተስማምቷል፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አሃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ናቸው። ከዚያ በላይ ላሉት ግን ሁሉም የየራሱን ሰንጠረዥ አወጣ። ይህ ሰንጠረዥ ነው ኢንኮዲንግ የሚባለው። ሩሲያውያን በኢሜይልና በዩኒክስ ኮምፒውተሮች KOI8-R፣ በዶስ CP866፣ በዊንዶውስ Windows-1251 ይጠቀሙ ነበር፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይገጥሙም።

207ን ብቻ እንከተል። በKOI8-R ሰንጠረዥ 207 ትንሿ о ናት። በWindows-1251 ትልቁ П ነው። በምዕራብ አውሮፓው Windows-1252 ደግሞ Ï ይሆናል፤ ፖስታው ላይ የታየው ምልክት ይኸው ነው። ቁጥሩ አንዴም አልተለወጠም። የተለወጠው የተነበበበት ሰንጠረዥ ነው።

ታዲያ አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ከአንዱ ፕሮግራም ኮፒ አድርጎ በሌላው ፔስት ሲያደርግ ለምን ይበላሻል? እዚህ ላይ የዊንዶውስ አንድ አስገራሚ ባሕርይ አለ። ዩኒኮድ የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ክሊፕቦርድ የሚያስገባው እንደ ተራ ባይት ነው። አዲሱ ፕሮግራም ግን ዩኒኮድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዊንዶውስ መሐል ገብቶ መተርጎም አለበት። በየትኛው ሰንጠረዥ? የሚመርጠው ኮፒ በተደረገበት ቅጽበት ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንደነበር አይቶ ነው። ኪቦርዱ ሩሲያኛ ላይ ከነበረ Привет («ሰላም» ማለት ነው) በደህና ይደርሳል። እንግሊዝኛ ላይ ከነበረ ዊንዶውስ Windows-1252ን ይወስድና ፔስት የሚሆነው Ïðèâåò ነው። ተመሳሳይ ጽሑፍ፣ ተመሳሳይ ሁለት ፕሮግራሞች፣ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ኮፒ ከማድረግ በፊት ኪቦርዱን ወደ ሩሲያኛ መቀየር። ፔስት ሲደረግ መቀየር አይረዳም፣ ውሳኔው ቀድሞ ተወስኗልና።

ዋናው ጽሑፍ ከእጅ ወጥቶ የተበላሸው ብቻ ከቀረ ጥገናው የስህተቱን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። መጀመሪያ ምልክቶቹ በስህተት በተነበቡበት ሰንጠረዥ ወደ ቁጥር ይመለሳሉ፤ ከዚያ ቁጥሮቹ በትክክለኛው ሰንጠረዥ ይነበባሉ። በፓይተን ቋንቋ አንድ መስመር ይበቃል፦

```python
print("Ïðèâåò".encode("cp1252").decode("cp1251"))
```

ኮድ መጻፍ የማይወድ ሰው የሰንጠረዥ ጥንዶችን እያፈራረቀ የሚሞክርለት መሣሪያ ያገኛል፤ የሞስኮው የአርቴሚ ሌቤዴቭ ስቱዲዮ ያዘጋጀው በሩሲያውያን ዘንድ የታወቀ ነው። ቢሆንም የብልሽቱን መልክ አይቶ መንስኤውን መገመት ይቻላል። ባለ ጭረትና ባለ ነጥብ የላቲን ፊደላት ከሞሉት ሲሪሊኩ በምዕራባዊ ሰንጠረዥ ተነቧል። ፊደላቱ ሲሪሊክ ሆነው ትርጉም ካጡ፣ ትልቁና ትንሹም ቦታ ከተለዋወጡ፣ Windows-1251 በKOI8-R ወይም KOI8-R በWindows-1251 ተነቧል፤ Вопрос («ጥያቄ») የሚለው бНОПНЯ የሚሆነው በመጀመሪያው መንገድ ነው።

Р እና С የተባሉት ፊደላት በየመሐሉ እየተመላለሱ ከታዩ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ዛሬ በብዛት የሚያጋጥመው ነው። በUTF-8 አንድ የሩሲያኛ ፊደል ሁለት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው 208 ወይም 209 ነው። በWindows-1251 እነዚህ ቁጥሮች Р እና С ናቸው። ስለዚህ ስድስት ፊደል የነበረው Привет አሥራ ሁለት ሆኖ РџСЂРёРІРµС‚ ይላል። የሩሲያኛ ዊንዶውስ ላይ በUTF-8 የተቀመጠ የCSV ፋይል በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ይወጣል። ፋይሉ ራሱ ምንም አልሆነም፤ ሴቭ ሳያደርጉ ዘግቶ፣ በኤክሴል ዳታ ሜኑ በኩል ከጽሑፍ ፋይል አስገባ በሚለው መክፈትና ኢንኮዲንጉን 65001 (የUTF-8 መለያ ቁጥር) ማድረግ ይበቃል። የአማርኛ ተጠቃሚም ይህንን ያውቀዋል፤ «ሰላም» áˆ°áˆ‹áˆ ሆኖ ሲመጣ የሆነው ይኸው ነው፣ የእኛ ፊደል ግን ሦስት ባይት ስለሚወስድ ብልሽቱ ይረዝማል።

ጥገናው የማይሞላባቸው ፊደላት አሉ። ትልቁ И በUTF-8 208 እና 152 ነው፤ በWindows-1251 ሰንጠረዥ ደግሞ ባዶ የቀረው አንድ ቦታ ቢኖር 152 ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ቁጥሩን በማይታይ ምልክት ይሸከመዋል፣ አንዳንዱ ይጥለዋል ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ትልቁ Р ደግሞ 208 እና 160 ነው፤ 160 መስመር የማይሰብር ክፍት ቦታ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ያለ ፕሮግራም ወደ ተራ ክፍት ቦታ ሲለውጠው ፊደሉ ይጠፋል። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ «ኢቫን»ና «ሩሲያ» የሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላቸውን ብቻ አጥተው ከተገኙ ጥገናውን ያደረገው ሰው አልተሳሳተም። ከአውዱ ገምቶ በእጅ መሙላት ነው።

ከሁሉ የከፋው ?????? ነው። ጽሑፉ ከዩኒኮድ ሲሪሊክ ወደሌለበት ሰንጠረዥ ሲገባ፣ ቦታ ያጣ ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። የጥያቄ ምልክት ቁጥሩ 63 ነው፤ እና П የነበረውም о የነበረውም አሁን 63 ነው። ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ የለም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ «እጠግናለሁ» ብሎ ጊዜ ከማጥፋት ወደ ዋናው ፋይል መመለስ፣ በዊንዶውስ ክልልና ቋንቋ ማስተካከያ ውስጥ «ዩኒኮድ ላልሆኑ ፕሮግራሞች» የሚለውን ምርጫ ሩሲያኛ አድርጎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ከዚያ እንደገና ኮፒ ማድረግ ይሻላል።