ሰማያዊው ወደ ላይ ሲወጣ፦ የማህፀን በር ናሙና በስላይድ ፎቶ

ከማህፀን በር የተቆነጠረች ናሙና በፎርማሊን ከቆየች በኋላ በሰም ተይዛ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን በሚደርስ ስስ ውፍረት ትቆረጥና በመስታወት ስላይድ ላይ ትለጠፋለች። ቀለም ካልነካት በማይክሮስኮፕ እንኳ ብዙ ነገር አይለይባትም። ሄማቶክሲሊን የሴሉን አስኳል ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ያደርጋል፤ ኢዮሲን ደግሞ በአስኳሉ ዙሪያ ያለውን የሴሉን አካልና ከሥር ያለውን ደጋፊ ክፍል ሮዝ ይቀባል።

ፎቶው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ላይና ታቹ ነው። ባዶ ነጭ ያለበት ወገን የላይኛው ገጽ ነው። ክር ክር የሚል ሮዝና የደም ሥሮች የሚታዩበት ደግሞ የታችኛው ደጋፊ ክፍል ነው። በሁለቱ መሃል ያለው የሴሎች ሽፋን ነው የሚመረመረው። ጤነኛ ከሆነ ከታች ያሉት ሴሎች ትናንሽና የተጠጋጉ፣ አስኳላቸውም ጠቆር ያለ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አስኳሉ እያነሰ፣ ሮዙ እየሰፋ ይሄድና ሴሎቹ ከገጹ አጠገብ ጠፍጣፋ ይሆናሉ።

አሁን አንድ ፎቶ እናስብ። በግራ በኩል ይህ ሥርዓት እንዳለ አለ። በቀኝ በኩል ግን ሰማያዊው ከታች እስከ ላይ ሞልቷል። አስኳሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ጠርዛቸው ያልተስተካከለ፣ ውስጣቸው የጠቆረ ነው። ከላይኛው ገጽ አጠገብ ሳይቀር በመከፋፈል ላይ ያለ ሴል ይታያል፤ መከፋፈል ግን ከታች አካባቢ ብቻ ነበር መታየት ያለበት። ለውጡ በታችኛው ሲሶ ቢወሰን ደረጃ 1 ይባል ነበር፤ እስከ ሁለት ሦስተኛው ቢደርስ ደረጃ 2። እዚህ ግን ሽፋኑን በሙሉ ይዟልና ደረጃ 3 ነው፤ ቅድመ ካንሰር ነው፣ መታከምም አለበት።

ካንሰር ሆኗል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ግን ከሽፋኑ ሥር ያለው ድንበር ነው። ድንበሩ ሳይጣስ ካለ ገና ወራሪ ካንሰር አይደለም። ጥቂት ሴሎች ጥሰው ወደ ደጋፊው ክፍል ከገቡ ግን ሕክምናው ይለወጣል።

የሚያሳስት ነገርም አለ። ናሙናው ሰያፍ ከተቆረጠ የታችኞቹ ሴሎች ብዙ ረድፍ መስለው ይታያሉ፤ በሽፋኑ መሃል ክብ ክብ የደጋፊ ክፍል ደሴቶች ካሉ ይህን መጠርጠር ይገባል። ወር አበባ ያቆሙ ሴቶች ላይም ሽፋኑ ሳስቶ ሙሉ ለሙሉ ሰማያዊ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አስኳሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ በመከፋፈል ላይ ያለ ሴልም አይታይም። ዓይን ሲያመነታ ፓቶሎጂስቱ ፒ16 የተባለውን ተጨማሪ ምርመራ ያዛል።

ፎቶ የስላይዱን አንዲት ጥግ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ድንበሩ የተጣሰው ከፎቶው ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስልክ በደረሳችሁ ፎቶ አትፍረዱ። ውጤት ስትቀበሉ ግን ደረጃው ስንት እንደሆነና ከሥር ያለው ድንበር ተጥሶ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።